ቤት ለእንቁጣጣሽ ሲታደስ፦ ነፍሰ ጡር የትኛውን ትፍራ?

እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈራው አፍንጫን የሚመታው ነገር ነው። የፀጉር ቀለም እንዳትቀባ ተከልክላ፣ የበረኪና ጠርሙስ ከእጇ ተነጥቆ፣ በሩ በተዘጋና ከሰል በሚነድበት ክፍል ቡና ስትጠጣ የምታመሽ ነፍሰ ጡር ጥቂት አይደለችም። የምንፈራው ያስቸግራታል እንጂ ጽንሱን እምብዛም አይጎዳውም፤ የማንፈራው ግን ሽታ የለውም። ይህ መመሪያ ፍርሃቱን ወደ ትክክለኛ ቦታው ለመመለስ የተጻፈ ነው።

ለምሳሌ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት እናት እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል አሮጌ የጭቃ ቤት ተከራይታ ከባለቤቷና ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ከብዙ ዓመት በፊት አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቶ አሁን መላላጥ ጀምሯል። ጳጉሜን ሳይገባ ግድግዳው ሊቀባ፣ ትኋን ሊጠፋ፣ ሽንት ቤቱ ሊጸዳ፣ እሷም ፀጉሯን ቀለም ልትቀባ ታስቧል። ክረምቱ ስላልወጣ ቤቱ ይበርዳል፤ ማታ ማታ ከሰል ይገባል። ሥራዎቹን በጉዳታቸው ክብደት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ከሰሉን ያስወጡ

ከሰል ሲቀጣጠል የሚወጣው ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ሁሉም ሰው ይሸሸዋል። ከዚያ ፍሙ ሲቀላ ጭሱ ይጠፋል፤ «አሁን ጥሩ ሆኗል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። አደገኛው ይህ ጊዜ ነው። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ይይዝበታል። የጽንስ ደም ደግሞ ይህን ጋዝ ከእናቱ ደም አጥብቆ ይይዛል፤ ዘግይቶ ይጠራቀምበታል፣ ዘግይቶም ይለቀዋል። እናቲቱ ከቤት ወጥታ ራስ ምታቷ ተሽሏት ሳለ ጽንሱ ገና ኦክስጅን እንደተነፈገ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእርግዝና ወራት ከሰልን እንዲህ ይጠቀሙ። ምድጃውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥለው ቡናውን እዚያው ይቁሉ፣ ጀበናውንም እዚያው ይጣዱ። ዝናብ ሆኖ የግድ ወደ ቤት ከገባ በሩን ብቻ ሳይሆን ከበሩ ትይዩ ያለውን መስኮት ጭምር ይክፈቱ፤ አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። ነፍሰ ጡሯ በሩ አጠገብ ትቀመጥ፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ሦስተኛው ስኒ እንደተቀዳ ምድጃው ይውጣ። አመድ አልብሶ «እስኪጠፋ» ብሎ ጥግ ላይ መተው አይበቃም፤ አመድ የለበሰ ፍም ለሰዓታት ጋዙን ያወጣል። ምድጃው አጠገብ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ይህን ጋዝ አይቀንሰውም። ለማሞቂያ ከሰል አስገብቶ መተኛት ግን በምንም ሁኔታ አይፈቀድም፤ ሌሊቱ ከበረደ አንድ ብርድ ልብስ ይጨመር።

መመረዙን ማወቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ምልክቶቹ ከእርግዝና ስሜት ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። መለያው ሁለት ጥያቄ ነው። ወደ ደጅ ስትወጡ ይሻላችኋል? ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ሰውስ፣ በተለይ ልጁ፣ ራሱን ያመዋል? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ ከሰሉን ይጠርጥሩ። ሁላችሁም ወዲያው ወጥታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ እዚያም «ከሰል በሚነድበት ቤት ነበርን፣ እርጉዝ ነኝ» ብለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ይህ ያስፈለገው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህንን ጋዝ ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ ነው፤ የተመረዘችውንም እናት ቁጥር ደህና አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሕክምናው በጭንብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውም ከሌላው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም።

እግረ መንገዴን ስለ ወይባ ጢስም ልናገር። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጢስ ላይ መቀመጥ ለቆዳ ውበት የተወደደ ልማድ ቢሆንም በእርግዝና ጊዜ ይቆይ። ጋዙ ብርድ ልብሱ ሥር ይጠራቀማል፤ የሰውነት ከመጠን በላይ መሞቅም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንሱ አይበጅም። በማገዶ እንጀራ የሚጋገርበት ጭሳም ማድ ቤት እንዲሁ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተተነፈሰ የማገዶ ጭስ ሕፃኑ በአነስተኛ ክብደት እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ለዘጠኝ ወር ምጣዱን ሌላ የቤተሰብ አባል ቢይዘው ማንም አይጎዳም።

ሁለተኛ፦ አሮጌውን ቀለም ከመፋቅዎ በፊት ያስቡ

ስለ ቀለም ሲነሳ ሰው የሚያስበው የአዲሱን ቀለም ሽታ ነው። ከምሳሌያችን ቤት ውስጥ ግን ይበልጥ አሳሳቢው ያ የተላላጠው አረንጓዴ ነው። በአሮጌ የዘይት ቀለም፣ በተለይ ደማቅ በሆኑት ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ወይም ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት በብዛት ይገኝ ነበር። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ፣ የብረት በርና የመስኮት ፍሬም ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። ዓይቶ ወይም አሽትቶ መለየት አይቻልም።

ቀለሙ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ነው። የሚነሳው ደቃቅ ብናኝ ወለል፣ አልጋና ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። እርሳስ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ የአእምሮ ዕድገቱን ይጎዳል፣ የእናቲቱንም የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ወለል ላይ የሚጫወተው የሦስት ዓመቱ ልጅም ከማንም የባሰ ተጋላጭ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መፋቅ የግድ ነው ወይ?» የሚለው ነው። አሮጌው ቀለም ካልተላላጠ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ በላዩ ላይ አዲስ መቀባት ይሻላል። ቀለም ቀቢው «ሳይፈተግ አይዝም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ይከራከር። ለቀለሙ ዕድሜ ሁለት ዓመት መጨመር ከዚህ ብናኝ ጋር አይመዛዘንም።

በምሳሌያችን ቤት ግን ቀለሙ ስለተላላጠ አንዳንዱ ቦታ መነሳቱ አይቀርም። ያኔ እናቲቱና ልጁ ወደ ሌላው ክፍል ሳይሆን ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ እናቷ ወይም ወደ እህቷ ዘንድ ይሂዱ፤ ጽዳቱ እስኪያልቅም አይመለሱ። አልጋ ልብስ፣ ልብስና የምግብ ዕቃ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣት የማይችለው በላስቲክ ይሸፈን። ሠራተኛው የሚነሳውን ቦታ ብቻ ውሃ እየረጨ በእርጥቡ በመፋቂያ ያንሳ። ደረቅ ፍትጊያ፣ የፍትጊያ ማሽንና በእሳት አቃጥሎ ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድም። ፍርፋሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጣል እንጂ ጓሮ ልጆችና ዶሮዎች በሚውሉበት አይበተን። ከዚያ ስቱኮው ይለሰናል፤ ስቱኮ ሲፈተግ የሚነሳው ነጭ ብናኝ እርሳስ ባይኖረውም ያስላል፣ እሱም ሲያልቅ ነው መመለስ።

ወለሉ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ መጥረጊያ ብናኙን መልሶ ያስነሳዋል። በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሁለት ጊዜ፣ ውሃውን እየለወጡ ይወልወል፤ የመስኮት ደፍም አይረሳ። ጨርቁ ከዚያ ይጣል። ባለቤቷ ራሱ ከፋቀ ልብሱን ደጅ ያውልቅ፣ ልብሱም ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። የመኪና ባትሪ የሚጠግን ወይም ብረት የሚበይድ ባል ያላትም እንዲሁ ታድርግ፤ እርሳስ በሥራ ልብስ ተሳፍሮ ቤት ይገባል።

አዲሱ ቀለም ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ለግድግዳው በውሃ የሚቀጥነውን የፕላስቲክ ቀለም ይምረጡ። ለበርና መስኮት የዘይት ቀለም ካስፈለገ በቲነር ስለሚቀጥን ሽታው ይከብዳል፤ በሩ ከተቻለ ተነቅሎ ደጅ ይቀባ። ቲነር በዝግ ክፍል ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ለጽንስ ጎጂ መሆኑ የታወቀው በዋነኛነት በሥራ ቦታ ዕለት ዕለት በሚተነፍሱት ሴቶችና ሱሰኛ ሆነው በሚያሸቱት ላይ ነው። በተቀባ ቤት ደጃፍ አልፎ መሄድ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ አፍንጫ ጥሩ ፈራጅ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በክፍሉ አይተኛ። የፕላስቲክ ቀለም ሽታ ባብዛኛው በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ የዘይት ቀለም ግን ይቆያል።

ቀለም ቀቢዎች ከሥራ በኋላ ወተት ይጠጣሉ። ወተት መርዝ አያጥብም፤ ሆኖም ውስጡ ያለው ካልሲየም በቂ ሲሆን ሰውነት ከአንጀት የሚቀበለው እርሳስ ይቀንሳል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረት ኪኒንም ያግዛል። ሁለቱም ግን ብናኝ ከመራቅ አይተኩም።

ሦስተኛ፦ ለትኋኑ ስም የሌለው ጠርሙስ አይግዙ

ሱቅ ላይ በቆርቆሮ የሚሸጡት የበረሮና የዝንብ መርጫዎች አብዛኛዎቹ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ በሰው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ነው። ነፍሰ ጡሯ ከቤት ወጥታ ሌላ ሰው ረጭቶ፣ ክፍሉ ተከፍቶ አየር ከገባበትና ወለሉ ከተወለወለ በኋላ ብትገባ ይበቃል። የሚያስፈራው በገበያ ወይም በአዟሪ እጅ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ «የትኋን መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ብዙ ጊዜ ለእርሻ የተዘጋጀ ማላታይን ወይም የሱ ዘመድ ነው፤ መጠኑም አይታወቅም፣ ጽሑፍም የለውም። ነርቭን የሚያጠቃ ነው። ከተረጨ በኋላ ምራቅ ከበዛ፣ ዓይን ካነባ፣ ላብ ካጠመቀ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበ ወይም ትንፋሽ ካጠረ መመረዝ ነው፤ ልብስ ተቀይሮ ገላ በሳሙና እየታጠበ ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ለትኋን የሚበጀው አድካሚው መንገድ ነው። አንሶላው ይቀቀል፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ይፍሰስ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ይደፈን፤ ግድግዳው እየተለሰነ ስለሆነ ጊዜውም ይኸው ነው። ለበረሮ ደግሞ ከሚረጨው ይልቅ በስንጥቅ ውስጥ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ የሚቀመጠው ጄል ይሻላል፤ አየር ላይ የሚወጣ ነገር የለውም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖሩ እናቶች ኬሚካል የተነከረ አጎበር ይጎዳናል ብለው እንዳይተዉት። አጎበሩ ላይ ያለው መጠን ለነፍሰ ጡር ተመርምሮ የሚመከር ነው፤ ወባ ራሱ ግን ነፍሰ ጡርን ይገድላል፣ ጽንስንም ያስወርዳል። አዲስ አጎበር ከጥቅሉ ሲወጣ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይናፈስና ይሰቀል።

አራተኛ፦ በረኪና ለብቻው

በረኪና በቆዳ ወይም በትንፋሽ አልፎ ጽንሱ ዘንድ አይደርስም። ችግሩ መደባለቁ ነው። በምሳሌያችን ቤት ሽንት ቤቱ አሲድ ፈስሶበት ሳይታጠብ በረኪና ቢጨመርበት ክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ ሳንባን ያቃጥላል። ሎሚና ኮምጣጤም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሽንት በተጠራቀመበት ጠባብ ሽንት ቤት ላይ ሳይቀጥን የተደፋ በረኪና የሚያስለውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ በረኪና እድፍ ባለበት ላይ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው የተለመደ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመር። ሙቅ ውሃ ጋዙን ያስነሳዋል። በሩ ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይወልወልና አሥር ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይለቅለቅ። አሲድ መጠቀም ካስፈለገ ሌላ ቀን ይሁን፤ እሱን ባለቤቷ ቢሠራው ይመረጣል። ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ድንገት ከተነሳ ባልዲውን ትተው ይውጡ። ለማጽዳት ብለው ተመልሰው አይግቡ።

አምስተኛ፦ ፀጉሩ

አሁን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ላይ ደረስን። ጤነኛ የራስ ቆዳ ከፀጉር ቀለም የሚቀበለው በጣም ጥቂት ነው። በእርግዝና ጊዜ አልፎ አልፎ ፀጉር መቀባት ጽንስን እንደሚጎዳ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም። የጽንሱ የአካል ክፍሎች የሚሠሩበትን የመጀመሪያውን ሦስት ወር ማሳለፍ የሚመከረው ለጥንቃቄ ሲባል ነው። የእኛዋ እናት አምስት ወሯ ስለሆነ ትቀባ።

ከመቀባቷ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ከቀለሙ ጥቂት ከጆሮዋ ጀርባ ታድርግ፤ ከዚህ በፊት ያልቆጣት ቀለም በእርግዝና ጊዜ ሊቆጣት ይችላል። ሹሩባው ጠብቆ የራስ ቆዳዋ ከተላላጠ ወይም በሪላክሰር ከተቃጠለ እስኪድን ትጠብቅ። በዕለቱ መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፣ ቀለሙ ጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ከዚያ ፀጉሩ በደንብ ይታጠብ። ሽበት ከሥሩ መሸፈን ካላስፈለጋት የራስ ቆዳ የማይነካውን በጥቂት ዘለላ ብቻ የሚደረገውን ማቅለም ብትመርጥ ጭራሽ የሚያሳስብ ነገር አይኖርም።

ሂናም ቢሆን ንጹሑ አያሳስብም፤ ቀስ ብሎ ወደ ብርቱካናማና ቡናማ ነው የሚያደላው። በደቂቃዎች ውስጥ ከሰል የመሰለ ጥቁር የሚሰጠው «ጥቁር ሂና» ግን የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ እጅና እግር ላይ ሲቀባ ቆዳን እስከ ማቁሰል ይደርሳል። ፀጉርን በካስክና በፒያስትራ ሙቀት ለወራት ቀጥ የሚያደርጉት ሕክምናዎች ደግሞ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ የሚያወጡ ስለሚኖሩባቸው እስክትወልድ ይቆዩ። ራሷ ፀጉር ሠሪ የሆነች ነፍሰ ጡር ጉዳይ የተለየ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው እሷ ናትና ቀለም የሚበጠበጥበትን ቦታ መስኮት አጠገብ ታድርግ፣ ሁሌም ጓንት ታድርግ፣ የማቅናቱን ሥራ ለባልደረባዋ ታስረክብ።

ከፀጉር ቀለሙ ይልቅ የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ነገሮች ትፈትሽ። አንዱ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ነው፤ አምራቹ የማይታወቅ ወይም በውስጡ ያለው ያልተጻፈበት ከሆነ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፣ ሜርኩሪም ጽንሱ ዘንድ ደርሶ አንጎልና ነርቩን ይጎዳል። ሁለተኛው ከማዕድን የተፈጨ ባህላዊ ኩል ነው፤ አንዳንዱ ራሱ የእርሳስ ማዕድን ነው። ሁለቱም ሽታ የላቸውም፤ የተከፈተ መስኮትም አያስወጣቸውም፤ መተው ብቻ ነው።

ያለፈው ካለፈስ?

ይህን ሲያነቡ «እኔ እኮ ባለፈው ወር ፍተጋው ሲካሄድ ቤት ነበርኩ» የሚሉ ይኖራሉ። አንድ ቀን የተተነፈሰ የቀለም ሽታ፣ አንድ ጊዜ የተቀባ ፀጉር፣ አንድ ባልዲ በረኪና ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። አሮጌ ቀለም ሲፈተግ በዚያው ቤት ተኝተው ከነበረ፣ ስም የሌለው መርዝ ተረጭቶ ከነበረ ወይም የሚያቀላ ክሬም ለወራት ተቀብተው ከነበረ ግን ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ተቋም ይሂዱ። መቼ፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ክፍል እንደነበር ጽፈው ይያዙ። ጠርሙሱን፣ ክሬሙን ወይም የቀለሙን ቆርቆሮ በላስቲክ አስረው ይውሰዱት፤ ካልተቻለ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሐኪሙ የትኛውን ምርመራ እንደሚያዝ የሚወስነው ከዚያ ተነስቶ ነው።